ከድንጋዩ ሥር ያለው ጭቃ

ውሸቴን የጻፍኩት ባማረ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጽሑፌ ያምራል፤ መሥሪያ ቤት ስገባም የቁፋሮ ቅጽ የመሙላቱን ሥራ የሰጡኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ሞነጫጭሬው ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ቆም ብሎ ይህ ምንድን ነው ይለኝ ነበር። ማንም አላለኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ የመንግሥት ኮንስትራክሽን ሠራተኛ ነበርኩ። የተመደብኩት ከቦሌ ሚካኤል አለፍ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው። የዚያን ሰፈር ጥቁር አፈር የማያውቅ ሰው የለም፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት በአራቱም ማዕዘን እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም። የሚሰብረው አንዱ ማዕዘን ሲሄድ ሌሎቹ ሲቀሩ ነው። የዚህ ቤት የምሥራቅ ማዕዘን ሄዷል። ምድር ቤት ወለሉ ላይ ሎሚ ብታስቀምጥ ተንከባሎ እዚያ ጥግ ይሄዳል፤ ከመስኮቶቹ ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው ስንጥቅ ደግሞ ጣቴን ይውጥ ነበር።

እዚያ ጥግ ላይ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ይኖራሉ። ከወሎ የመጡ፣ ሾላ ገበያ ቅቤና በርበሬ ሸጠው ያን ሁሉ ቤት ያቆሙ፣ ባላቸውንም ልጃቸውንም የቀበሩ አሮጊት ናቸው። አዋጁ ሲመጣ ቤቱ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና ለእርሳቸው ይህቺ ክፍል ተተወችላቸው። ያቺም ክፍል መስመጥ ጀመረች። ወይ ዕድል!

ገና ሥራ በጀመርንበት ቀን ጠሩኝና በሩ ደፍ ላይ አስቀመጡኝ። ፎቁ የመንግሥት ነው፣ አልጨቃጨቅም፤ ግን ልጄ የሞተው እዚች ክፍል ውስጥ ነው፣ እኔም እዚችው መሞት እፈልጋለሁ አሉኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«ክፍሌ ትተርፍልኛለች?» አሉ።

«ትተርፋለች እማማ» አልኳቸው። ምን ቆርጦኝ እንዳልኩ አላውቅም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ያላየውን ሁሉ ያውቃል።

ቤቱን የምናድንበት መንገድ ለአገሩ አዲስ ነበር ማለት ይቻላል። ስሙ ማይክሮፓይል ይባላል፤ ሠራተኞቹ ግን «ቀጫጭኖቹ» ነበር የሚሏቸው። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ከመሠረቱ ዳርና ዳር፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጉድጓድ ጥቁሩን አፈር አልፎ ታች ዐለት ድረስ ይበሳል። አፈሩ እንዳይደረመስ የብረት ቧንቧ ሜትር በሜትር እየተቀጣጠለ ይከተላል። ጉድጓዱ ሲያልቅ ወፍራም የፌሮ ብረት ይገባል፤ ከዚያም ቦያካ፣ ማለት ውሃና ሲሚንቶ ብቻ የሆነው ቀጭን ሊጥ፣ በቱቦ ከታች ጀምሮ ይሞላል። ከላይ ቢፈስ አየርና ቆሻሻ መሃሉ ይቀራል፤ ስለዚህ ንጹሑ ቦያካ እስኪገነፍል ድረስ ከታች ወደ ላይ ነው የሚገፋው። በመጨረሻ የሁሉም ጫፍ ከአሮጌው መሠረት ጋር በአርማታ ቀበቶ ይታሰራል። የቤቱ ክብደት ከዚያ በኋላ ከዳተኛውን አፈር ትቶ በቀጫጭኖቹ በኩል ዐለት ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ግን አለ፤ እድሜ ልኬን ያልለቀቀኝ ነገርም እሱ ነው። ይህ ቀጭን ነገር እንደ ወንበር እግር ጫፉ ላይ ቆሞ አይደለም የሚሸከመው። ዐለቱ ውስጥ ገብቶ፣ ጎኑ ከዐለቱ ጋር ተጣብቆ ነው። ስለዚህ ዐለት ነካሁ ብሎ ማቆም የለም። ፕላኑ ላይ ተጽፏል፦ ጤነኛ ዐለት ውስጥ ሦስት ሜትር። ሦስቱ ሜትር ሌላም ጥቅም አለው። የነካኸው እውነት ዐለት ይሁን ወይስ አፈር ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ድንጋይ፣ ሳታልፈው አታውቅም።

መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሥራውን ከአንድ ጣሊያን የተማሩ፣ ስድስት ልጆች የሚያሳድጉ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ማሽኑ ትንሽ ስለሆነ ተፈታትቶ በበር ገብቶ ክፍል ውስጥ ይገጠማል። ጋሼ ሜትሩን አይመለከቱም፤ የሚሰሙት ድምፁን ነው። ጥቁሩ አፈር ውስጥ የማሽኑ መዶሻ ታፍኖ ያጉረመርማል፤ ድንጋይ ሲያገኝ ይጮሃል፤ ኮምፕሬሰሩ የሚተፋውም ከጥቁር ፍርፋሪ ወደ ግራጫ ዱቄት ይለወጣል። ያኔ ጋሼ መዳፋቸውን ዱቄቱ ላይ ዘርግተው ይይዙና «ተናገረ» ይላሉ። እኔ ቅጹ ላይ «ዐለት» ብዬ ጥልቀቱን እጽፋለሁ። የእኛ ልማድ ይሄ ነበር። ከ«ተናገረ» በኋላ ያለውን ሦስት ሜትር ቆሞ የሚቆጥር ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፣ ጋሼ ብቻቸውን ይጨርሳሉ፣ እኔ የነገሩኝን እሞላለሁ። ጋሼ ደግሞ አይዋሹም ነበር።

ከአሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ዘጠኙ ያለ ችግር አለቁ። ዐለቱ የተገኘው አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ነው። አንዱን በጃክ ተጭነን ፈተንነው፤ ንቅንቅ አላለም። የእኔ ደስታ ልክ አልነበረውም። እንደ ሞኝ እየሮጥኩ ሄጄ ለእማማ ነገርኳቸው።

የቀሩት ሦስቱ የእማማ ጥግ ነበሩ። ዕቃቸውን ኮሪደር አወጣንላቸውና ማሽኑ ክፍላቸው ገባ። መዶሻው የጮኸው ስድስት ሜትር ላይ ነው። ጋሼ «ተናገረ» አሉ፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም። እኔም ደነገጥኩ። ሌላው ሁሉ አሥራ አንድ ሜትር ሆኖ፣ ይኸው የሰመጠው ማዕዘን ዐለቱ ቅርብ ከሆነ ለምን ሰመጠ?

ያን ቀን ከሰዓት እማማ ኮሪደር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የማሽኑን ድምፅ ሲሰሙ ቆዩና ጠሩኝ። ያንን ድንጋይ አውቀዋለሁ አሉ። ቤቱ ሲሠራ ከዚሁ ጥግ አጠገብ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ቆፋሪዎቹ ትልቅ ድንጋይ ላይ ደርሰው አሥራ አንድ ቀን ሲረግሙት ቆይተዋል። ምሳ የሚያቀብሏቸው እርሳቸው ነበሩና እርግማኑን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘውታል፤ ግማሹን ነግረውኝ ሳቁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድንጋዩ ተሰበረ። ቁመቱ ሰው እንኳ አይሞላም ነበር።

«ከሥሩ ምን ነበረ እማማ?»

«ጭቃ» አሉኝ። «ሰውዬው እስከ ጉልበቱ ገባ። በገመድ ነው ያወጡት።»

 ነገሩ አሁን ገባኝ፤ የእኛ ዐለት ዐለት አይደለም፣ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው። ማድረግ ያለብንም ግልጽ ነበር፦ ድንጋዩን በስቶ ማለፍ፣ ጭቃውን ማለፍ፣ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ሜትር ወርዶ እውነተኛውን ዐለት መፈለግ። ለጋሼ ሮጬ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ መሣሪያውን ስበው አወጡና የመብሻውን ራስ አሳዩኝ። ድንጋይ የሚፈጩት ጥርሶቹ አልቀው እንደ ሽማግሌ ድድ ለስልሰዋል። አንድ ሜትር ገብተው ነው ያለቁት። መጋዘን ውስጥ የቀረ ሌላ የለም፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ቢታዘዝ በስንት ወሩ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ ጋሼ በክረምቱ መጀመሪያ አንድ ራስ ጉድጓድ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶባቸው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ሁለተኛ ቢደገም ስሙ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚሆነው። አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ በዚያ ጊዜ ማንም አይጠይቅም፤ ስድስቱም ልጆች አይጠይቁም።

ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱን ክፉ ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፣ ግን የፈራ ሰው ነበር። ሥራው ለአብዮት በዓል ተጠናቀቀ ተብሎ ሪፖርት እንዲደረግ ቃል ገብቷል፤ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ስለ ድንጋዩ ነገርኩት፣ ስለ ጉድጓዱ ነገርኩት። ማን ነገረህ አለኝ። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት አልኩት። ይህን በማለቴ ነገሩን ሁሉ አበላሸሁት። ብዕሩን አስቀመጠና የተወረሰባት ሴት ወሬ በመንግሥት ቅጽ ላይ አይገባም አለኝ። ዐለት ዐለት ነው አለ።

ወደ ሳይቱ ስመለስ ጋሼ ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሁለቱን ቀሪ ጉድጓዶች በዚያው በደነዘ ራስ እየፋቁ እዚያው ድንጋይ ውስጥ አንድ አንድ ሜትር አግብተዋቸዋል። ቅጹ እኔ እጅ ላይ ነው። ጋሼ ቅጹን አዩት፣ እኔን አዩኝ። በኋላ፣

«ጻፍ» አሉኝ።

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«ምን እንደምትጽፍ ታውቃለህ። እኔን አታስለምነኝ።»

ጻፍኩ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሜትር፣ ጤነኛ ዐለት። ሦስት ጊዜ፣ ለሦስቱም፣ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ። ከታች ፈረምኩ። ለጋሼ ብዬ ነው እንዳልል፣ ለራሴም ፈርቼ ነበር፤ ለራሴ ብዬ ነው እንዳልል፣ የጋሼን ፊት አይቻለሁ። የትኛው እንደሚበልጥ ይኸው እስከ ዛሬ አልለየሁም። ዘጠኝ ሜትር ሆኖ የተዘጋጀው ፌሮ ሰባቱ ሜትር ጉድጓድ ስላልበቃው ከየአንዳንዱ ሁለት ሁለት ሜትር አስቆረጥን። ቁራጮቹን ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ደበቅኋቸው።

ቦያካው ተሞላ፣ የአርማታው ቀበቶ ተሞላ፣ በዓሉ ደረሰ፣ ሪፖርቱ ተነበበ። እማማ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ስንጥቁን በጄሶ ደፈንንላቸውና ላዩ ላይ የመስታወት ቁራጭ ለጠፍንበት፤ ግድግዳው ዳግም ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፣ በዚያ ይታወቃል። ጎንበስ ብለው ሊስሙኝ ሲሉ ራሴን አሸሸሁ። የደከመኝ መሰላቸው።

ጭቃውን አልፈናል አላለፍንም ብለው አልጠየቁኝም። ነግረውኝ የለ? ነግረውኝ ዝም የምል ሰው እንዳልሆንኩ ያምኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሌቭል የሚባለውን የከፍታ መለኪያ ይዤ የቤቱን ማዕዘኖች እለካ ነበር። ጥቅምትና ኅዳር ምንም የለም። አንዳንዴ፣ አፈር ልብላ፣ ይሄ ድንጋይ ይችለው ይሆናል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ነገር ግን እርጥቡ ጥቁር አፈር አብጦ አሮጌውን መሠረት ከታች ደግፎት ነው እንጂ ገና ቀጫጭኖቹ ሙሉውን ሸክም አልቀመሱትም። ታኅሣሥ ላይ አፈሩ ደርቆ መሸሽ ሲጀምር የጥጉ ክብደት በሙሉ ሦስቱ ላይ፣ በሦስቱ በኩልም ያ ድንጋይ ላይ አረፈ። ድንጋዩ ጭቃው ውስጥ ያዘነብል ጀመር። ዘጠኙ ደጋጎች ግን የቆሙበት ቆመዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ከበፊቱ በከፋ ሁኔታ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። ባንነካው ኖሮ ይሻለው ነበር።

መስታወቱ የተሰበረው ጥር ውስጥ ነው። እማማ ስባሪውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ልኬቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። ቅጾቹን አዩ። ሦስት ሜትር ጤነኛ ዐለት፣ የተፈረመ። የተፈተነውም ምሰሶ አልፏል፤ የተፈተነው ከዘጠኙ አንዱ መሆኑን ማንም አላነሳም። እንግዲህ ምሰሶዎቹ ደህና ከሆኑ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ክፍሏን ዞሩ፤ ጥጉ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያና ከውጭ በኩል ከግድግዳው ሥር እርጥብ ቦታ አገኙ። ይህ ውሃ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

እማማ አልዋሹም። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ አደርጋለሁ፣ የታጠብኩበትን በበሩ ጎን አፈስሰዋለሁ አሉ። ከሰዎቹ አንዱ ጻፈ። ለስንት ዓመት ብሎ ጠየቃቸው። ቤቱ ከቆመ ጀምሮ አሉ። እሱንም ጻፈ።

አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ! ስድስት ሜትር ታች ያለን ድንጋይ! አንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ የሚስቅበት ነገር ነው። አልሳቅሁም። ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞረና በሰዎቹ ፊት ጠየቀኝ።

«ቅጹ ትክክል ነው?»

ጋሼ ከሰዎቹ ኋላ ቆመው ነበር። እማማ በበርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው ያዩኛል፤ የሚረዳቸው ሰው አሁን ሊናገር ነው ብለው ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

«ትክክል ነው» አልኩ።

የቀድሞዋ ባለቤት ባልተፈቀደ ቦታ ውሃ በማፍሰሷ መሠረቱን ጎድታለች ተብሎ ተወሰነ። አሻጥር የሚለውን ቃል ለእርጅናዋ ሲሉ ተዉላት፤ እንደ ውለታ ነው የቆጠሩት። ጥጉ ፈረሰ። የእሳቸው ክፍል ከፎቆቹ ጋር ተቆርጣ ወደቀች፤ የቀረው ቤት በግንብ ተዘጋ። ሰዎች ዛሬም ይኖሩበታል። ጋሼ ወደ ሌላ ሳይት ተዛወሩ። ሲያልፉ ካየሁዋቸው ሁለታችንም መንገድ እንቀይር ነበር።

ልጠይቃቸው የሄድኩት ከስንት ወር በኋላ ነው። ቀበሌው ወደ ኮተቤ መንገድ አንዲት የጭቃ ክፍል ሰጥቷቸዋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሙዝ ይዤ ሄድኩ። ሲያዩኝ ልጄ አሉኝ። ከስተዋል። ደጃፋቸው ላይ ልብስ የተሰጣበት ሽቦ አለ፤ ሽቦውን ዳርና ዳር የያዙት ሁለት የፌሮ ቁራጮች ናቸው። ወፍራምነታቸውን እንዳየሁ ዐወቅኋቸው። ቆርቆሮ ሥር አግኝተው ለእቃ ጫኚው ጫንልኝ ብለውታል።

የሶላት ሰዓት ደረሰ። ማንቆርቆሪያው እግራቸው ሥር ሙሉ ውሃ ይዞ ተቀምጧል። እማማ ግን አልነኩትም። ጎንበስ ብለው ሁለት መዳፋቸውን ደረቅ አፈር ላይ መታ አደረጉና ፊታቸውን፣ ከዚያ እጃቸውን አበሱ። ሃይማኖታቸው ውሃ ያጣ ሰው በአፈር ይንጻ ይላል። እሳቸው ውሃ አላጡም።

ምነው እማማ አልኳቸው። ይቺም ግድግዳ ጭቃ ናት፣ ከጎኔ ያሉት ሰዎች ልጆች አሏቸው አሉ። ያቺ ክፍል ከፈረሰች በኋላ ውሃ አላፈሰስኩም፣ ልብሴንም ጎረቤቶቼ ናቸው የሚያጥቡልኝ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የልጄን ክፍል ያፈረስኩት እኔ ነኝ አሉኝ።

ያኔ ነው የፈነዳሁት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ድንጋዩን፣ የደነዘውን ራስ፣ ቅጹን፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ብዬ የጻፍኩትን። አንድ ብርጭቆም ይሁን አንድ በርሜል የእርሳቸው ውሃ ምንም እንዳላደረገ ነገርኳቸው። ተነስቼ የልብስ ማስጫውን ፌሮ ያዝኩና ይህ መሬት ውስጥ መሆን የነበረበት ነው፣ ቆርጬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ጨርሰው ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ አፈር እንደነካው፣ ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ።

«ለእኔ ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ዐለት ነው ብለህ ፈርመሃል። አንተ እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም። አላህ ጀዛህን ይክፈልህ፣ ልጄ።»

መለስኩ፣ ደገምኩ፣ ማልኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ አሉ። ሙዙን ልጠውልኝ ብላ አሉኝ፤ ፌሮውንም ካስፈለገህ ውሰደው፣ ግን ሽቦውን የማስርበት ሌላ ነገር አምጣልኝ አሉ። ሲመሽ ሸኙኝ። ዘወር ብዬ ሳይ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ አንድ ጠብታ እንዳይፈስባቸው እየተጠነቀቁ፣ ወደ ቤት ያስገቡት ነበር።